የተማሪ ክፍያ በስልክ፦ ቴሌብር ወይስ የንግድ ባንክ? ለወላጆች የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የወር ክፍያን በስልክ መክፈል ለሚፈልግ ወላጅ ትምህርት ቤታችን ሁለት መንገድ አዘጋጅቷል። አንደኛው ቴሌብር ነው፤ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል መተግበሪያ ነው። ሁለቱም ገንዘቡን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያደርሱ በፍጥነት አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የለም። የሚለያዩት ብሩ ሲደርሰን አብሮት በሚመጣው መረጃ ነው። በቴሌብር የትምህርት ቤት ክፍያ በኩል የመጣ ብር የተማሪውን ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ወዲያው በልጁ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በባንክ የተላከ ብር ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ ይገባና የየትኛው ተማሪ እንደሆነ የሚነግረን ላኪው «ምክንያት» በሚለው ቦታ የጻፈው ብቻ ነው። ቦታው ባዶ ከተተወ ብሩ ደርሶም ልጁ «አልከፈለም» ተብሎ ይቆያል።

በየወሩ መጀመሪያ ሂሳብ ክፍል በር ላይ የሚሰለፉ ወላጆች አብዛኞቹ ሳይከፍሉ ቀርተው አይደለም፤ ከፍለዋል፣ ግን ብሩ ከልጃቸው ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ስታነቡ በልባችሁ የምትይዙት ጥያቄ «የላክሁት ብር የልጄን ቁጥር ይዞ ይሄዳል ወይ?» የሚለው ይሁን።

ስም ለምን አይበቃም?

ብዙ ወላጆች «የልጄን ስም ጽፌ ልኬያለሁ» ይላሉ። በእኛ አካባቢ ስም ብቻውን አያደርስም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰይድ መሐመድ፣ በትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዚያ በላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። በባንኩ ሰነድ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል ስለሚወጣ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ Mohammed ይላል፣ ሌላው Muhamed፣ ሦስተኛው Mehamed። ሰይድም Seid ሆኖ ይመጣል፣ Said ሆኖም ይመጣል። ሁሴንም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የላኪው ስም ነው። ልጁ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ሲሆን፣ ክፍያውን የምትልከው እናት ከሆነች ስሟ ከልጁ ስም ጋር አንድም ቃል አይጋራም። አክስት ወይም አጎት ከላከ ደግሞ ጭራሽ የሚያገናኘን ነገር የለም። ሂሳብ ክፍል የሚያየው የሂሳቡን ባለቤት ስም፣ የብሩን መጠንና ሰዓቱን ነው፤ ከዚህ ተነስቶ ተማሪውን መገመት አይፈቀድለትም፣ ሊፈቀድለትም አይገባም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ስድስት አሃዝ ያለው የተማሪ ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ልጁ የተመዘገበበትን ዓመተ ምሕረት ያሳያሉ፤ በ2018 የተመዘገበ ልጅ ቁጥሩ በ18 ይጀምራል። ወንድማማቾች ቁጥራቸው ተከታታይ አይደለም። የትልቁን አውቃችሁ በመጨረሻው ላይ አንድ ጨምራችሁ የትንሹን ለማግኘት አትሞክሩ፤ የምታገኙት የሌላ ሰው ልጅ ነው። ቁጥሩ በልጁ መታወቂያና በሪፖርት ካርዱ ላይ ስላለ ዛሬውኑ በስልካችሁ ላይ ከልጁ ስም ጋር መዝግባችሁ አስቀምጡት።

በቴሌብር መክፈል

ቴሌብር ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የስልክ ገንዘብ ነው። የባንክ ሂሳብ አይጠይቅም፤ ሲም ካርዱ በስማችሁ ከተመዘገበ ራሳችሁ በስልካችሁ ላይ ልትከፍቱት ትችላላችሁ። የሚጠይቃችሁ የሚስጥር ቁጥር ባለ ስድስት አሃዝ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። መተግበሪያውን ከፍታችሁ ወደ ክፍያዎች ትገቡና የትምህርት ቤት ክፍያ የሚለውን ትመርጣላችሁ። የትምህርት ቤታችንን ስም ከዝርዝሩ ፈልጋችሁ ከነካችሁ በኋላ የተማሪውን ስድስት አሃዝ ታስገባላችሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ገጽ የልጁን ሙሉ ስም፣ ክፍሉንና ያለበትን ክፍያ ያሳያችኋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሚታየው ስም የልጃችሁ ካልሆነ ቁጥሩን ተሳስታችኋል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመለሱ። ስሙ ትክክል ሆኖ የብሩ መጠን ከጠበቃችሁት ከበለጠ ደግሞ ያለፈ ወር ክፍያ ወይም የትራንስፖርት ሂሳብ ተደምሮበት ሊሆን ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት ሂሳብ ክፍልን ጠይቁ። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ የሚስጥር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ታጸድቃላችሁ። ከ127 የሚመጣው አጭር መልእክት የግብይት ቁጥር ይይዛል፤ ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት አሥር ምልክት ነው። መልእክቱን አታጥፉት።

በዚህ መንገድ የከፈለ ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ምንም ወረቀት ማምጣት አይጠበቅበትም። የቴሌብር ትልቁ ብልጫ ይህ ነው፤ ከማጽደቃችሁ በፊት የልጁን ስም የሚያሳያችሁም ይህ መንገድ ብቻ ነው።

ነገር ግን ቴሌብር ውስጥ ሁለት በር እንዳለ አስተውሉ። «ገንዘብ መላክ» የሚለው ሌላ ነው፤ እሱ ከሰው ወደ ሰው ስልክ የሚልክ ነው። አንዳንድ ወላጆች ይህን ከፍተው ወደሚያውቁት የመምህር ወይም የሂሳብ ሠራተኛ ስልክ ይልካሉ። ትምህርት ቤቱ በማንም ሠራተኛ የግል ስልክ ክፍያ አይቀበልም። በግል ስልክ ላኩ የሚል ሰው ቢደውልላችሁ፣ የልጃችሁን ስም ቢጠራም እንኳ፣ አትላኩ፤ ለትምህርት ቤቱም አሳውቁ።

ሦስት ነገሮች ቴሌብር ላይ ደጋግመው ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው ቀሪ ሂሳብ ነው። *804# ደውላችሁ የምታዩት ለመደወያ የሞላችሁት ካርድ ነው እንጂ የቴሌብር ብራችሁ አይደለም። የካርድ ሂሳብ ለትምህርት ቤት ክፍያ አይውልም። የቴሌብር ቀሪ ሂሳብ የሚታየው በመተግበሪያው ራስጌ ላይ ወይም በ*127# ውስጥ ገብቶ ነው።

ሁለተኛው ገደብ ነው። የቴሌብር ሂሳብ በቀን የሚያወጣው ብር ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ደግሞ በምዝገባችሁ ደረጃ ይወሰናል። መታወቂያ ሳይያያዝበት በስልክ ብቻ የተከፈተ ሂሳብ ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ የሦስት ልጅ ክፍያ በአንድ ቀን ላያሳልፍ ይችላል። ብር እያላችሁ «ከተፈቀደው መጠን አልፏል» የሚል መልስ ከመጣ ችግሩ ይህ ነው። ደጋግሞ መሞከር አይረዳም። የአንዱን ልጅ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ ክፈሉ፤ ለዘለቄታው ግን መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ በመሄድ ደረጃውን አስጨምሩ።

ሦስተኛው «እንደኪሴ» ነው። ይህን አገልግሎት የጀመረ ሰው የቴሌብር ብሩ ለክፍያው ሲያንሰው ጉድለቱ በብድር ይሞላለታል። ክፍያው አለፈ ብላችሁ ትረሱታላችሁ፤ በኋላ ስልኩ ላይ ብር ስታስገቡ ብድሩና የብድሩ አገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ ታገኙታላችሁ። ቸግሯችሁ አውቃችሁ ከተጠቀማችሁበት መልካም ነው። ሳታውቁት እንዳይሆን ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቀሪ ሂሳባችሁ የወሩን ክፍያ ከነአገልግሎት ክፍያው መሸፈኑን እዩ።

በንግድ ባንክ መተግበሪያ መክፈል

ደመወዛቸው በንግድ ባንክ ለሚገባ፣ ለምሳሌ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ ወላጆች፣ ይህ መንገድ ብሩን ከቦታ ቦታ ሳያዘዋውሩ እንዲከፍሉ ያስችላል። በቀን የሚፈቅደውም መጠን ከቴሌብር ዝቅተኛ ደረጃ ሰፋ ያለ ነው። የሩብ ዓመቱን ወይም የብዙ ልጆችን ክፍያ አንድ ጊዜ መጨረስ ለሚፈልግ ይመቻል። ለመጀመር ግን መታወቂያ ይዞ ቅርንጫፍ መሄድና የሞባይል ባንኪንግ መመዝገብ የግድ ነው። ስልክ የቀየረ ሰውም መተግበሪያውን እንደ አዲስ ማስጀመር ስለሚጠበቅበት የመክፈያው ቀን እስኪደርስ አይጠብቅ።

ማስተላለፊያውን ስትከፍቱ ወደ ሌላ የንግድ ባንክ ሂሳብ የሚለውን ምረጡና በዚህ ወረቀት ራስጌ ላይ የታተመውን የትምህርት ቤቱን ሂሳብ ቁጥር አስገቡ። የንግድ ባንክ ሂሳብ 13 አሃዝ አለው፣ በ1000 ይጀምራል። መካከሉ ላይ ተደጋጋሚ ዜሮዎች ስላሉ አንድ ዜሮ መዝለል ወይም መጨመር እጅግ ቀላል ነው፤ ቁጥሩን አራት አራት እየከፈላችሁ አንብቡት። መተግበሪያው ከማጽደቃችሁ በፊት የሂሳቡን ባለቤት ስም ያሳያችኋል። የሚታየው ስም የትምህርት ቤቱ መሆን አለበት። የሰው ስም ካያችሁ አቁሙ።

ቀጥሎ የብሩን መጠንና «ምክንያት» ትሞላላችሁ። ወላጆች በአብዛኛው ዘለው የሚያልፉት ይህን ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። መጀመሪያ የተማሪውን ቁጥር፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ የወሩን ስም በላቲን ፊደል ጻፉ። ለጥቅምት ወር እንዲህ ነው፦

```
180342 TIKIMT
```

ሌላ ምንም አትጨምሩ። «ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ» ብሎ መጻፍ ምንም አይነግረንም፤ ሁሉም የሚልከው ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ በእኛ በኩል በሚታየው ዝርዝር ላይ መጨረሻው ተቆርጦ ስለሚመጣ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ያድነዋል።

ክፍያው ሲያልፍ የሚመጣው የግብይት ቁጥር በFT ይጀምራል፤ በጠቅላላው 12 ምልክት ነው። ከFT ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹን ዓመት ያሳያሉ፤ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ተነስቶ ሲቆጠር ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያሳያሉ። FT25288 ብሎ የሚጀምር ቁጥር በ2025 በ288ኛው ቀን፣ ማለትም ኦክቶበር 15 የተደረገ ነው። ይህን ማወቃችሁ ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል፤ ስልካችሁ ላይ ከተከማቹት መልእክቶች መካከል የየትኛው ወር ደረሰኝ እንደሆነ በቁጥሩ ብቻ መለየት ትችላላችሁ። ሂሳብ ክፍልም አንድ ደረሰኝ ለሁለት ወር ሲቀርብለት የሚያውቀው በዚሁ ነው።

በባንክ የከፈለ ወላጅ ምክንያቱን በትክክል ከሞላ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ይመዘገብለታል። ባንኩ የሚሰጠንን ዝርዝር አስገብተን የምናመሳክረው ጠዋት ስለሆነ ነው። ምክንያቱን ካልሞላ የFT ቁጥሩን ይዞ መምጣት ወይም ልጁን አስይዞ መላክ አለበት። የስልክ ገጽ ፎቶ ብቻ አንቀበልም፤ ፎቶ በቀላሉ ይቀየራል፣ የግብይት ቁጥር ግን ከባንኩ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል።

ዳታ ሲጠፋ

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያኔ በመተግበሪያ ብቻ መክፈል የለመደ ሰው ተቸግሯል። በኮከብና መሰላል የሚሠራው አጭር ቁጥር ግን የስልክ መደወያ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ያለ ዳታ ይሠራል፤ ቁልፍ ባለው ተራ ስልክም ይሠራል። ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ነው። ለባንኩ መጀመሪያ በቅርንጫፍ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ምርጫዎቹ በቁጥር ተደርድረው ይመጣሉ። «መጀመሪያ 5፣ ከዚያ 2» ብላችሁ በቃላችሁ አትያዙት፤ ዝርዝሩ አዲስ አገልግሎት ሲጨመርበት ቁጥሩ ይቀያየራል። ሁሌም አንብባችሁ ምረጡ። አጭር ቁጥሩ አንድ ጠንካራ ድክመት አለው፤ ትንሽ ከዘገያችሁ ይዘጋል። በመሃል የተማሪ ቁጥር ለመፈለግ ወይም ልጅን ለመጠየቅ ከሄዳችሁ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት የተማሪውን ቁጥርና የብሩን መጠን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከጎናችሁ አድርጉ።

የሚስጥር ቁጥር አስገብታችሁ ከላካችሁ በኋላ ስክሪኑ ቢዘጋ ወይም «ግንኙነት አልተሳካም» ቢል፣ እባካችሁ ወዲያው አትድገሙ። ጥያቄያችሁ ደርሶ መልሱ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ጊዜ የሚከፈለው በአብዛኛው በዚህ ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ፤ ቀንሷል ማለት ከፍላችኋል ማለት ነው፣ መልእክቱ ዘግይቶ ይመጣል። ካልቀነሰ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩና ያን ጊዜ ሞክሩ።

የባቲ ወላጅ፣ ሁለት ልጆች ኮምቦልቻ

ሁለቱን መንገድ ጎን ለጎን ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናት ባቲ ትኖራለች፤ የ3ኛ እና የ7ኛ ክፍል ልጆቿ ኮምቦልቻ አክስታቸው ቤት ሆነው ይማራሉ። የትንሿ ቁጥር 180342፣ የወር ክፍያዋ 1,850 ብር ነው። የትልቁ ቁጥር 140519፣ ክፍያው 2,100 ብር ነው። ድምሩ 3,950 ብር ይሆናል። የጥቅምት 2018 ክፍያ የመጨረሻ ቀን ጥቅምት 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15፣ 2025 ማለት ነው።

እናት ሰኞ ጥቅምት 3 ባቲ ገበያ ላይ ፍየል ሸጣ ብሩን በእጇ ይዛለች። ባንክ ገብታ ከመሰለፍ ይልቅ ቴሌብር ወኪል ጋ ሄዳ 4,000 ብር ስልኳ ላይ ታስገባለች። ወኪሉ «ገብቷል» ቢላትም፣ ከ127 መልእክት መጥቶ አዲሱን ቀሪ ሂሳብ እስክታይ ድረስ ከቆመችበት አትንቀሳቀስ። በገበያ ቀን የወኪሉ ሂሳብ ቶሎ ያልቃል፤ ብር ተቀብሎ «በኋላ አስገባልሻለሁ» ካላት ብሯን ተቀብላ ወደ ሌላው ትሂድ።

ከዚያ ቤቷ ሆና በ*127# ሁለት ጊዜ ትከፍላለች፦ በ180342 የ1,850፣ በ140519 የ2,100። ለምን ሁለት ጊዜ? 3,950ውን በትንሿ ቁጥር አንድ ላይ ብትከፍለው ሥርዓቱ 2,100ውን የትንሿ የቀጣይ ወር ቅድመ ክፍያ አድርጎ ይይዘዋል፤ ትልቁ ግን ያልከፈለ ሆኖ ይቆያል። ቀሪው 50 ብር የአገልግሎት ክፍያውን ይሸፍናል። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ማጽደቂያው ገጽ ላይ ይታያል፤ በእሱ ላይ ብቻ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። የአገልግሎት ክፍያው 6 ብር ቢሆን ታክሱ 90 ሳንቲም ነው፣ ጠቅላላ 6 ብር ከ90። ታክሱ በ1,850ው ላይ አይሰላም፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው።

ክፍያውን እናት ሳትሆን ኮምቦልቻ ያለችው አክስት ከደመወዟ በንግድ ባንክ ብትልከውስ? ሁለት ማስተላለፍ ታደርጋለች፤ አንዱ ላይ 180342 TIKIMT፣ ሌላው ላይ 140519 TIKIMT ብላ። የአክስት ስም ከልጆቹ ጋር ባይገናኝም ቁጥሩ ስላለ ችግር የለም። ረቡዕ ጥቅምት 5 ከምሽቱ 3:40 ብትልክ ደረሰኟ ላይ 21:40 ብሎ ይጽፋል፤ ስልኩ የሚጠቀመው የፈረንጆቹን ሰዓት ስለሆነ ነው። የምንመለከተው የተላከበትን ቀንና ሰዓት እንጂ እኛ የመዘገብንበትን ጠዋት አይደለም፤ ስለዚህ በቀኑ እንደተከፈለ ይቆጠርላታል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ፣ ደረሰኙ ኦክቶበር 16 ይላል፤ ያ ዘግይቷል።

የፈረንጆቹ ቀን ከወር ወር ስለሚለዋወጥ አንድ ቀን በቃል ይዞ መሄድ ያሳስታል። ጥቅምት 5 ኦክቶበር 15 ቢሆንም ኅዳር 5 ኖቬምበር 14፣ ጥር 5 ደግሞ ጃንዋሪ 13 ነው። የስልክ ማስታወሻ የምታስቀምጡ ከሆነ ሁለት ቀን አስቀድሙ። በመጨረሻው ቀን ምሽት ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መከራከር ልጁን አይጠቅምም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

የባንክ ሂሳብ ለሌለው፣ ገቢው ከገበያ ለሆነና ከኮምቦልቻ ውጭ ለሚኖር ወላጅ ቴሌብርን እንመክራለን። የልጁን ስም አሳይቶ የሚያስከፍል ስለሆነ ለስህተት ጠባብ ቦታ ይተዋል፤ ወረቀት ለማምጣትም ማንንም አያስመላልስም። ደመወዙ ንግድ ባንክ ለሚገባ ወላጅ ከባንኩ በቀጥታ መላክ ይበቃዋል፣ ምክንያቱን በትክክል የሚሞላ ከሆነ። መሙላቱን የሚረሳ ከሆነ ግን ብሩን ከባንኩ ወደ ራሱ ቴሌብር አዛውሮ በተማሪ ቁጥር ቢከፍል ይሻለዋል። የአገልግሎት ክፍያው ሁለት ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ከመመላለስ ግን ይቀንሳል።

የሌላ ባንክ ደንበኞችም በባንካችሁ መተግበሪያ ወደ ንግድ ባንክ ሂሳባችን ማስተላለፍ ትችላላችሁ። ምክንያቱ ከባንክ ወደ ባንክ ሲሻገር ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ አይደርሰንም፤ ስለዚህ እናንተ ምክንያቱን ብትሞሉም የግብይት ቁጥሩን ለሂሳብ ክፍል ማሳወቅ አለባችሁ።

ክፍያው ከሳዑዲ፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ አገር በሚላክ ብር የሚሸፈን ከሆነ ላኪዋ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂሳብ አትላክ። ብሩ በአስተላላፊው ድርጅት በኩል ሲገባ የተማሪ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አይኖረውም፤ የሚደርሰንም መጠን በምንዛሪ ምክንያት ከክፍያው ጋር አይገጥምም። ለእናንተ ትላክ፣ እናንተ ከዚህ ሆናችሁ በቁጥሩ ክፈሉ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

በተሳሳተ ተማሪ ቁጥር ከከፈላችሁ ብሩ ትምህርት ቤቱ ዘንድ ነው፤ አልጠፋም። የግብይት ቁጥሩንና የራሳችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ኑ፣ ወደ ልጃችሁ መዝገብ እናዛውራለን። የግብይት ቁጥሩን ከወረቀት እየገለበጣችሁ ስትጽፉ የላቲኑን ኦ እና ዜሮን፣ የላቲኑን አይ እና አንድን አትቀላቅሉ፤ ከተቻለ መልእክቱን ራሱን አሳዩን።

ሁለት ጊዜ ከከፈላችሁ ምርጫው የእናንተ ነው፦ ለቀጣዩ ወር ይያዝልን ማለት ወይም ይመለስልን ማለት። የሚመለሰው ብሩ ወደ መጣበት ሂሳብ ብቻ ነው፤ በጥሬ ገንዘብም ሆነ ወደ ሌላ ሰው ስልክ አንመልስም።

በተሳሳተ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ወደ ሌላ ሰው ሂሳብ ከላካችሁ ግን ትምህርት ቤቱ ሊያስመልሰው አይችልም። ያን ጊዜ ሳትዘገዩ ለንግድ ባንክ በ951 ደውሉ፣ የFT ቁጥሩን ንገሩ፣ ቀጥሎም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ብሩን ለማስመለስ የተቀባዩ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ሂደት ስለሚጠይቅ፣ ተቀባዩ ሳያወጣው መድረስ ወሳኝ ነው። ቴሌብር ላይ ወደ ሌላ ሰው ስልክ ከሄደ የሚደወለው 127 ነው።

ቴሌብርም ሆነ ባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛም ጭምር፣ የሚስጥር ቁጥራችሁን ወይም ወደ ስልካችሁ የተላከ የማረጋገጫ ቁጥር በምንም ምክንያት አይጠይቃችሁም። «ክፍያችሁ ስላልገባ ላስተካክልላችሁ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዘግታችሁ በዚህ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር ለሂሳብ ክፍል ደውሉ። መክፈል አለመክፈላችሁን የተማሪ ቁጥሩን ብቻ ነግራችሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:00 ሰዓት እናረጋግጥላችኋለን።